ኮሪደር ላይ ያስቀመጥኩት ምጣድ ጠፋ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ጀርመን፣ ላይፕዚግ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። የምኖረው በተማሪዎች ዶርም ነው። ኮሪደራችን ላይ «ዳስ አብሽቴለን ፎን ገገንሽቴንደን ኢም ፍሉር ኢስት ኡንተርዛክት» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሥሩ ቀን ተጽፎበታል፣ ከቀኑ ቀጥሎም «ኮስተንፕፍሊሽቲሽ» የሚል ቃል አለ። «አብሽቴለን»ን በቋንቋ ኮርስ የማውቀው ውሃና ማሞቂያ መዝጋት ተብሎ ነው። ስለዚህ «ኮሪደር ላይ ያሉ ዕቃዎችን ማጥፋት ክልክል ነው» ብዬ ተረዳሁትና አለፍኩት። የኤሌክትሪክ ምጣዴና የጫማ መደርደሪያዬ በሬ አጠገብ ነበሩ። አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ ሁለቱም የሉም። ቀጥሎ የሂሳብ ወረቀት መጣብኝ። በፎቁ ላይ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ሆን ብለው ያደረጉብኝ ይመስለኛል። ምጣዱን እናቴ ናት የላከችልኝ። ፖሊስ ጋ ልሂድ?
ከላይፕዚግ

ውድ እህቴ፣

ፖሊሱን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ ሃውስማይስተሩን፣ ማለትም የሕንፃውን ተቆጣጣሪ አግኚው። «ዎ ዚንት ማይነ ዛኸን?» በይው፤ «ዕቃዎቼ የት ናቸው?» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከኮሪደር የተነሳ ዕቃ ወዲያው አይጣልም፤ ምድር ቤት ወይም ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ዛሬውኑ ሂጂ፣ ምክንያቱም ለዘላለም አያስቀምጡልሽም።

ማስታወቂያው የሚለው «በኮሪደሩ ዕቃ አስቀምጦ መተው ክልክል ነው» ነው። በኮርስ የተማርሽው ትርጉም ስህተት የለበትም። «አብሽቴለን» ከውሃ፣ ከማሞቂያ ወይም ከሞተር ጋር ሲመጣ መዝጋት ወይም ማጥፋት ነው። ከብስክሌት፣ ከሻንጣ ወይም ከካርቶን ጋር ሲመጣ ግን ማስቀመጥ ወይም ማቆም ይሆናል። የእኛም «ማቆም» እንዲሁ ነው። መኪና ማቆምና ሥራ ማቆም አንድ አይደሉም፤ የሚለያቸው አብሯቸው ያለው ስም ነው። በአንቺ ማስታወቂያ ላይ ያ ስም «ገገንሽቴንደ» ነው፤ ማንኛውም ዕቃ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ዕቃዎች ቢሆን ኖሮ «ገሬተ» የሚለው ቃል ይጠበቅ ነበር። የጫማ መደርደሪያ ደግሞ አይጠፋም፣ አይበራም። ሌላም ምልክት አለ። የጀርመን ማስታወቂያ ግሡን ወደ ስም ይለውጠዋል፤ ከፊቱ «ዳስ» ይገባል፣ ቃሉም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። እንዲህ ያለ ቃል ስታዪ መዝገበ ቃላት ላይ የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘሽ አትውጪ። እስከ መጨረሻው አንብቢና ከስሙ ጋር የሚሄደውን ምረጪ።

ሐበሻ ስለሆንሽ ነው ወይ ለሚለው፣ ጎረቤቶችሽን ጠይቂ። የእነሱም ጫማና ብስክሌት ከተነሳ ነገሩ በአንቺ ላይ ያነጣጠረ አይደለም። የአንቺ ብቻ ተነስቶ የሌሎቹ እዚያው ካለ ግን ፎቶ አንሺና ለዶርሙ አስተዳደር በጽሑፍ አቅርቢ። ያኔ ቅሬታሽ ተገቢ ነው፣ እኔም ከጎንሽ ነኝ።

ደንቡን ግን አክብሪው እልሻለሁ። ኮሪደሩ እሳት ሲነሳ የማምለጫ መንገድ ነው። ጭስ ሲሞላ መብራት ቢኖርም አይታይም። ሰው ግድግዳ እየዳሰሰ፣ አጎንብሶ ነው የሚወጣው። ያን ጊዜ አንድ የጫማ መደርደሪያ ሰው ይጥላል፣ ከኋላ የሚመጡትንም ይዘጋል። ካርቶን ደግሞ ራሱ ይነዳል። ለዚህ ነው ጀርመኖች በዚህ ጉዳይ «ለአንድ ቀን ብቻ» የሚለውን ልመና የማይሰሙት። ከእንግዲህ ምጣዱን ክፍልሽ ውስጥ አስቀምጪው፤ ወይም ምድር ቤት የዕቃ ማስቀመጫ እንዳለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። «ኮስተንፕፍሊሽቲሽ» ማለት የማንሻው ወጪ በባለቤቱ ይከፈላል ማለት ነው። ቅጣት አይደለም። ስለዚህ ምን ዕቃ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንዳነሳና ዋጋው እንዴት እንደተሰላ በጽሑፍ እንዲገልጹልሽ ጠይቂ። የክፍልሽን ቁጥር ጻፊ፣ የማስታወቂያውንና የሂሳቡን ፎቶ አያይዢ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይደርስ አንስተውት ከሆነ ይህንንም ግለጪ፤ ማስጠንቀቂያው የሚሠራው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ምጣዱ ተጥሎ ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ይላል። የሰው ዕቃ ማንሳትና መጣል በሕግ አንድ አይደሉም፣ ካሣ የሚጠየቅበት ሁኔታም ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ እኔ ልወስንልሽ አልችልም። ሽቱዲረንደንቨርክ የሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት የማኅበራዊ ጉዳይ አማካሪዎች አሉት። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ምክር ቤትም ነፃ የሕግ ምክር ያዘጋጃል። የኪራይ ውልሽን ይዘሽ ሂጂ። ሂሳቡ ላይ የመክፈያ ቀን አለ፤ እሱ ሳያልፍ ጥያቄሽ በጽሑፍ እጃቸው ይግባ።