የክሊኒክ ወረፋን የጥበቃ ጊዜ መገመት

«በሰዓት ስንት ሰው እንደሚመጣና ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ቆጥሬያለሁ። ከዚህ አማካይ የጥበቃ ጊዜው ይታወቃል?»

አዎ፣ በአንዲት ማካፈል። የሊትል ሕግ ይባላል። በየ15 ደቂቃው ስትቆጥር 6፣ 9፣ 11 እና 10 ሰው ሲጠብቅ አገኘህ እንበል። አማካዩ 9 ነው። በሰዓት 12 ሰው ከመጣ፣ 9 ለ12 ሲካፈል 0.75 ሰዓት ይሆናል፤ 45 ደቂቃ ማለት ነው። ሐኪም ዘንድ የገባውን አትቁጠር፣ የምርመራው ጊዜ ይደባለቅብሃል።

ችግሩ ጠዋት ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ሰው ይጎርፋል፣ ወረፋውም ይረዝማል። የሚመጣው ከሚስተናገደው ከበለጠ ስሌቱ ጥበቃውን አሳንሶ ያሳይሃል። ያኔ ከፊትህ ያለውን ሰው በሰዓት ለሚስተናገደው አካፍል። 18 ሰው ቀድሞህ በሰዓት 8 ብቻ ከገባ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ትቀመጣለህ።