ለኤንክሌክስ ተጨማሪ ሰዓት ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል?

«ሰላም እህቴ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የነርሲንግ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነው። ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን ችግር አለብኝ፤ በመነጽርም በሌንስም ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። ኮሌጅ እያለሁ በመጨረሻው ዓመት የፈተናውን ሰዓት ግማሽ ይጨምሩልኝ ነበር። ለነርስነት ላይሰንስ ፈተናው፣ ለኤንክሌክስም ልጠይቅ ስል ወንድሜ "ዓይንሽ እንደማያይ ከነገርሻቸው ላይሰንስ ይከለክሉሻል፣ ዝም ብለሽ ተፈተኚ" አለኝ። ወጪዬን የቻለው እሱ ነው፤ ቶሎ ሥራ እንድጀምር ይፈልጋል። ከአገር ቤት ያመጣሁት ማስረጃ የለኝም። ለብቻዬ ክፍልስ ልጠይቅ? ሥራ ስፈልግስ መናገር አለብኝ?»

እህቴ፣ ወንድምሽ ለፍቶ አስተምሮሻል፤ ምስጋና ይገባዋል። በዚህ ጉዳይ ግን ተሳስቷል። ስህተቱ ደግሞ አንቺን ነው የሚያስከፍልሽ።

የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከወጣ ከ1990 ጀምሮ ለሙያ ፈቃድ የሚሰጥ ፈተና ለአካል ጉዳተኛ ተፈታኝ መመቻቸት አለበት። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ መመሪያም በተጨማሪ ሰዓት የተገኘ ውጤት እንደማንኛውም ውጤት ይገለጽ፣ ምልክት አይደረግበት ይላል። ዓይንሽ ነርስ ለመሆን ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ሆስፒታል ገብተሽ በተለማመድሽ ጊዜ ተመልሷል። የላይሰንስ ማመልከቻው ላይ የጤና ጥያቄ ካለ በእውነት መልሺ። እሱና የፈተና ሰዓት ጥያቄ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወንድምሽን በቁጥር አናግሪው። ኤንክሌክስ 5 ሰዓት ነው። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ሊመጣልሽ ይችላል፤ የት እንደሚያቆም እንደ አመላለስሽ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። 5 ሰዓት ለ150 ሲካፈል ለአንዱ ጥያቄ 2 ደቂቃ ይደርሰዋል። አንቺ ፊደሉን አጉልተሽ፣ ስክሪኑን ወዲያና ወዲህ እየገፋሽ አንዱን በ3 ደቂቃ ትሠሪያለሽ እንበል። 85 ላይ ካቆመልሽ 4 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ትደርሻለሽ። እስከ 150 ከወሰደሽ ግን 7 ሰዓት ተኩል ያስፈልግሻል። 5 ሰዓቱ ሲያልቅ ገና 100ኛው ጥያቄ ላይ ነሽ። የሰዓት ግማሽ ጭማሪ ማለት ልክ ያ 7 ሰዓት ተኩል ነው።

ከ2023 ወዲህ ደግሞ ፈተናው ውስጥ ሦስት የታማሚ ታሪኮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 6 ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የታማሚው መረጃ በአንድ በኩል፣ ጥያቄው በሌላ በኩል ይቀመጣል። ፊደሉን ስታጎዪው ሁለቱ እኩል ስክሪኑ ላይ አይገቡም። መረጃውን አንብበሽ ወደ ጥያቄው ስትመለሺ ያነበብሽውን ትረሻለሽ፤ እንደገና ትመለሻለሽ። ጊዜሽን የሚበላው እሱ ነው። «እንሞክረው» ብለሽ ከወደቅሽ ቢያንስ 45 ቀን ትጠብቂያለሽ፣ 200 ዶላሩንም እንደገና ትከፍያለሽ። ማስረጃ ለማሟላት የምትጠብቂው ጊዜ ከዚህ የሚብስ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት የፈተና ማዕከል ውስጥ ሠርቻለሁ። በፈተናው ቀን የሐኪም ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ደብዳቤው እውነተኛ፣ ችግሩም እውነተኛ ነው፤ እኛ ግን አንዲት ደቂቃ መጨመር አንችልም ነበር። ፈቃዱ የሚሰጠው በፈተናው ቀን ማዕከሉ ውስጥ አይደለም። ጥያቄው የሚቀርበው ለክፍለ ግዛትሽ የነርሲንግ ቦርድ ነው፤ ለላይሰንስ ስታመለክቺ አብረሽ አስገቢው።

ሦስት ወረቀት አዘጋጂ። ቦርዱ የራሱ ቅጽ ካለው መጀመሪያ እሱን ጠይቂ።

አንደኛው ያንቺ ደብዳቤ ነው። ምን እንደምትጠይቂና ለምን እንደሆነ ጻፊ። የአገር ቤት ማስረጃ ማጣትሽ አያስጨንቅሽ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ከዚህ በፊት ተመቻችቶለት የማያውቅ ሰውም መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ትምህርት ቤት ፊት ወንበር ላይ ትቀመጪ፣ ጓደኛሽ ሰሌዳውን ታነብልሽ ከነበረ እሱንም ጻፊው። ታሪክሽ ነው።

ሁለተኛው የኮሌጁ ነው። ምን ተፈቅዶልሽ እንደነበርና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ አውጪ። ከ2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ደንብ ፈታኞች ቀድሞ ለተፈቀደ ማመቻቸት ትልቅ ክብደት ይስጡ ይላል። ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ ጠንካራ ማስረጃሽ ነው።

ሦስተኛው የዓይን ሐኪምሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ታካሚዋ ኬራቶኮነስ አለባት፣ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣት» የሚል የሁለት መስመር ወረቀት የበሽታውን ስም እንጂ ችግሩን አይናገርም። ፋይሉን የሚያየው ሰው ማወቅ የሚፈልገው በሽታው ስክሪን ላይ ስታነቢ ምን እንደሚያደርግሽ ነው። ሐኪሙ በሌንስ ታግዘሽ የእያንዳንዱ ዓይንሽ የማየት አቅም ስንት እንደሆነ በቁጥር ያስቀምጥ። ፊደል ይደራረብብሻል? ብርሃን ይበተንብሻል? ጠንካራውን ሌንስ ስንት ሰዓት ትችይዋለሽ? ሳታርፊ ስንት ደቂቃ ታነቢያለሽ? ከተቻለ ክሊኒኩ ውስጥ ጽሑፍ ሰጥተውሽ ንባብሽን በሰዓት ይለኩት። ከዚያ እያንዳንዱ ጥያቄ ከምክንያቱ ጋር ይያያዝ፤ ፊደል የሚጎላው በዚህ ምክንያት፣ ሰዓቱ የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ተብሎ። ኬራቶኮነስ ሊባባስ ስለሚችል ምርመራው የቅርብ ጊዜ ይሁን። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ያንቺ በመደበኛ የዓይን ቀጠሮ ያልቃል። የንባብ ወይም የትኩረት ችግር ያለበት ሰው ሺህ ዶላሮች የሚፈጅ የሥነ ልቦና ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል።

ስለ እረፍት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች አያውቁትም። ኤንክሌክስ ላይ እረፍት መውጣት ትችያለሽ፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም፣ ከ5 ሰዓቱ ላይ ይቀነሳል። ሌንስ አውልቀሽ ዓይንሽን ማሳረፍ ካለብሽ ሰዓት የማይቆጥር እረፍት ለይተሽ ጠይቂ። ሐኪሙም ይጻፈው።

የብቻ ክፍል ጥያቄውን ሌላ ሰው ለሚያነብለት፣ ድምፅ አውጥቶ ለሚያነብ ወይም በትንሽ ኮሽታ ሐሳቡ ለሚበተን ሰው ነው። ያንቺ ችግር ዓይን ነው። መብራቱን ማደብዘዝ ካላስፈለገሽ አትጠይቂ፤ ማስረጃ የሌለው ጥያቄ ሌሎቹንም ያዳክማቸዋል።

ሥራን በተመለከተ ደግሞ ቀጣሪ ሥራውን ሰጥቼሻለሁ ከማለቱ በፊት ስለ አካል ጉዳት መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ አንቺም የመናገር ግዴታ የለብሽም።

ይሄ ሁሉ እስኪያልቅ ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያው በነርስ ረዳትነት፣ በሲኤንኤ ሠርተሽ ለወንድምሽ ወጪውን አግዢው። እኔም የተማርኩት እየሠራሁ፣ ቀስ ብዬ ነው። እሱም ወርሃዊ ገቢ ሲያይ ጭቅጭቁን ይቀንስ ይሆናል።

መልሱ እምቢታ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ከሐኪሙ የሚመጣ አንድ ማብራሪያ ነው፤ እሱን አሟልተሽ መልሰሽ አስገቢ።

የመፈተኛ ፈቃዱ፣ ማለትም ኤቲቲው፣ ሲደርስሽ የተፈቀደልሽ ነገር በሙሉ እዚያ ላይ መኖሩን አንብቢ። ከሌለ ቀጠሮ አትያዢ፤ ለቦርዱ ደውዪ። ካለም ቀጠሮውን በኢንተርኔት አትያዢው። ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ለፒርሰን ቪዩ ደውለሽ የኤንክሌክስ ማመቻቸት አስተባባሪ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ፤ ቀኑንና ቦታውን የምትይዢው ከእሱ ጋር ነው።