ከሪሌዩ ጎን የምትቀመጠው ትንሿ ዳዮድ

ውድ ልጆቼ፣

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስታቢላይዘር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ኤሌክትሮኒክስን የምትማሩት ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ እያያችሁ ነው። ደስ ይለኛል። ግን በቪዲዮው ውስጥ ሰውየው «ይቺንም እዚህ ጋ እናስገባት» ብሎ በአንድ ቃል የሚያልፋት፣ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዳዮድ አለች። ስለ እሷ ልጻፍላችሁ።

ባለፈው በጋ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቦርድ ይዞ መጣ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። ውሃው መሬት ላይ ያለ ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል። ልጁ ታዲያ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ሠርቷል። ፓምፑን የሚያበራው ሪሌይ ነው፤ ኮይሉ ከረንት ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ መገናኛዎቹን ይይዛል፣ ከረንቱ ሲቋረጥ ይለቃል። ያንን ከረንት የሚከፍተውና የሚዘጋው ትራንዚስተር ነው። ውሃው ሁለት ሽቦዎች ጋ ሲደርስ ትራንዚስተሩ ይዘጋል፣ ባለ 12 ቮልቱ ሪሌይ ይለቃል፣ ፓምፑም ይቆማል። ሥራው ንጹሕ ነው።

«ጋሼ፣ ትራንዚስተሩ እየተቃጠለብኝ ተቸገርኩ። ይሄ ሦስተኛው ነው» አለኝ። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ሳምንት በደንብ ይሠራል። ከዚያ አንድ ሌሊት ሪሌዩ አልለቅም ይላል። ፓምፑ እስኪነጋ ይሠራል፣ ያ ስንጠብቀው የሰነበትነው ውሃ ከሮቶው ሞልቶ ጎረቤት ግቢ ይፈሳል።

መጀመሪያ የሪሌዩ መገናኛዎች ተጣብቀው እንደሆነ አየሁ። 12 ቮልቱን ስነቅለው ሪሌዩ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። አልተጣበቀም ማለት ነው። መልሼ ሰካሁትና ትራንዚስተሩ ትእዛዝ የሚቀበልበትን የቤዝ ሽቦ ነቀልኩ። ሪሌዩ እንደያዘ ቀረ። ማንም ሳያዝዘው ትራንዚስተሩ ራሱ እያስተላለፈ ነው። ከቦርዱ አውጥቼ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር በመልቲሜትር ስለካው በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ኦም ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሾርት ሆኗል።

ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን BC547 ነበር ያስገባው። ሲቃጠሉበት «አቅም አንሷቸው ነው» ብሎ መርካቶ ወርዶ 2N2222A ገዛ። አዲሱ በአምፔር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሪሌዩ ኮይል ግን 400 ኦም ነው፣ በ12 ቮልት የሚስበው 30 ሚሊ አምፔር ብቻ። BC547 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ይችላል። የአምፔር ችግር መጀመሪያውኑ አልነበረም። የሚገድለው ቮልቴጅ ነው፤ በቮልቴጅ ደግሞ BC547 የሚችለው 45 ሲሆን 2N2222A 40 ነው። «ጠንካራ» ብሎ የገዛው በዋናው ነገር ከበፊቱ ያነሰ ነበር።

«ከ12 ቮልት አዳፕተር ላይ ከ40 በላይ ቮልት ከየት ይመጣል?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የቧንቧ ውሃ በኃይል እየወረደ ሳለ ቧንቧውን ድንገት ብትዘጉት ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ጓ ይላል። ውሃው እየሄደ ስለነበር ቁም ሲባል በአንዴ አይቆምም፣ የከለከለውን ይገፋል። ኮይልም እንዲሁ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ማግኔት ፈጥሯል፣ ማግኔቱም ጉልበት ይዟል። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ኮይሉ ያንኑ 30 ሚሊ አምፔር ለማስቀጠል ቮልቴጁን የቻለውን ያህል ከፍ ያደርጋል። ቀመሩ ይህ ነው፦

V = L × di/dt

የኮይሉን ኢንዳክታንስ በግምት ግማሽ ሄንሪ እንበል። 30 ሚሊ አምፔሩ በ10 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ዜሮ ይግባ ብንል 0.5 × 0.03 ÷ 0.00001፣ ማለትም 1500 ቮልት ይሆናል። በተግባር እዚያ አይደርስም፤ ከዚያ በፊት ትራንዚስተሩ ቮልቴጁን ማገድ ያቅተውና ጉልበቱ በሱ ውስጥ ያልፋል። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ በአንዴ ላይገድለው ይችላል። ግን ሪሌዩ በጠፋ ቁጥር ይመታዋል። ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቆየው ለዚህ ነው።

ተራ መልቲሜትር ይህን አያሳያችሁም፣ ነገሩ እጅግ ፈጣን ነው። እኔ ለልጁ ያሳየሁት በቴስተር ካቻቪቴ ውስጥ ባለችው ትንሽ የኒዮን መብራት ነው። አወጣኋትና ከኮይሉ ሁለት ጫፎች ጋር አያያዝኳት። እሷ 70 ቮልት ገደማና ከዚያ በላይ ካላገኘች አትበራም። 12 ቮልቱን በሽቦ ነክቼ ሪሌዩን አስያዝኩት፤ መብራቷ ዝም አለች። ሽቦውን ቀጨም አድርጌ ሳነሳው ብልጭ አለች፣ ብርቱካናማ። ልጁ «እንደገና!» አለኝ። አሥር ጊዜ ያህል ደገምነው። እናንተም ሞክሩት፤ ባዶውን ሽቦ ግን በጣታችሁ አትያዙ፣ ይነዝራል።

ከዚያ 1N4007 ዳዮድ ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ነቅዬ ኮይሉ ላይ አደረግኳት። ነጭ ቀለበት ያለባት እግር ወደ ፕላስ 12 ቮልት፣ ሌላኛዋ ወደ ኮሌክተሩ። ሪሌዩ ሲይዝ ዳዮዷ ዝግ ናት፣ ምንም አትሠራም። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ኮሌክተሩ ከ12 ቮልት በላይ መውጣት ይጀምራል። 12.7 ላይ ሲደርስ ዳዮዷ ትከፈትለታለች። ከረንቱ በዳዮዷ ዞሮ ወደ ኮይሉ ይመለሳል፣ እየዞረም በኮይሉ ሽቦ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ሽቦውን ደግሜ ነክቼ አነሳሁት። ኒዮኗ አልበራችም።

ዳዮዷ የምትሸከመው ያንኑ 30 ሚሊ አምፔር ስለሆነ ትንሿ 1N4148ም ትበቃለች። ዋናው አቅጣጫዋ ነው። ከገለበጣችኋት ትራንዚስተሩ ሲከፈት 12 ቮልቱ በዳዮዷና በትራንዚስተሩ በኩል ቀጥታ ወደ ማይነስ ይወርዳል፣ ጭስ ይሸታችኋል። በመልቲሜትር መለካት ካለባችሁ ሳትበይዷት በፊት ለኳት። ከተበየደች በኋላ ኮይሉ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያስተላልፍ ንባቡ ያሳስታችኋል። ደግሞ ሪሌዩ ከቦርዱ ርቆ በረጅም ሽቦ የሚያያዝ ከሆነ ዳዮዷን እዚያው ኮይሉ እግር ላይ አድርጓት።

እሷም ዋጋ ታስከፍላለች። ከረንቱ ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ሪሌዩ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ፣ መገናኛውንም ቀስ ብሎ ይለቃል። ለሮቶ ምንም አይደለም። ፈጣን መልቀቅ የግድ ከሆነ ግን ከዳዮዷ ጋር በተከታታይ፣ ፊቷን ወደ ተቃራኒ አዙራችሁ፣ በተገላቢጦሽ 24 ቮልት ሲደርስባት የምታሳልፍ ዜነር ዳዮድ ጨምሩ። ኮሌክተሩ 37 ቮልት ገደማ ያያል። ይህን BC547 ይችለዋል፣ ለ2N2222A ግን በጣም ይጠበዋል። በኤሲ የሚሠራ ኮይል ላይ ይህችን ዳዮድ በፍጹም አታድርጉ፤ በግማሹ ዑደት ሾርት ትሆናለች። ፓምፑ ሲጠፋ በሪሌዩ መገናኛ ላይ የምታዩትን ብልጭታም እሷ አታጠፋውም። እሱ የፓምፑ ሞተር ጉዳይ ነው፣ መፍትሔውም እዚያው መገናኛው ጋ ነው።

ልጁ BC547ን መልሶ አስገባ። ዳዮዷን በራሱ እጅ በየዳት፤ ቀለበቷን ሁለት ጊዜ አይቶ ነበር። ውሃ በመጣበት ሌሊት አልተኛም መሰለኝ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጭ ብሎ ለቀቀ» አለኝ።