እዳዬ ለምን አልቀነሰም? (መልስ)

«ደብረ ብርሃን ላይ ወፍጮ ለመትከል 300,000 ብር በ18 በመቶ ለ5 ዓመት ተበደርኩ። በየወሩ 7,618 ብር እያልኩ ዓመት ሙሉ ከፈልኩ፤ ቀሪው ግን 259,337 ነው አሉኝ። ተበላሁ እንዴ?»

አልተበላህም ወንድሜ፣ ሂሳቡ ልክ ነው። የመክፈያ ሰንጠረዡን አውጣና የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ እይ። 18 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1.5 በመቶ ነው። የ300,000 1.5 በመቶ 4,500 ብር ይሆናል። ከከፈልከው 7,618 ላይ ይኼ ወለድ መጀመሪያ ይነሳና ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 3,118 ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው 296,882 ላይ ስለሆነ ወደ 4,453 ይወርዳል፤ ለዋናው 3,165 ይደርሰዋል። እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ እየተገለበጠ ይሄዳል። ባንተ ብድር ለዋናው የሚሄደው ከወለዱ የሚበልጠው በ15ኛው ወር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከከፈልከው 91,416 ብር ውስጥ 50,753ው ወለድ ነበር። ያማል፣ አውቃለሁ፤ እኔም የሱቅ ብድሬን ሰንጠረዥ ሳይ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ከየትኛውም ረድፍ በላይ ያለውን ቀሪ ዕዳ በ0.015 አባዛው፤ የረድፉ ወለድ መምጣት አለበት። በሁሉም ረድፍ 4,500 ከተጻፈ ግን ወለዱ የሚታሰበው ሁልጊዜ በመጀመሪያው 300,000 ላይ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ወርሃዊው 9,500 ይሆን ነበር።

ለፋሲካ በግ ሸጠህ 10,000 ብር ከተረፈህ አሁኑኑ ጨምረህ ክፈል፤ ከሚቀጥለው ወር ወለድ ብቻ 150 ብር ይቀንሳል። ግን «ከዋናው ይቀነስልኝ» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ወር ክፍያ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለውም ውልህን እየው።