ሰሙን ከወርቁ መለየት

«ለሥነ ጽሑፍ ክፍል አንድ የሰምና ወርቅ ግጥም ማብራራት አለብኝ። ሰሙን ከወርቁ እንዴት ልለየው?»

ወንድሜ፣ እስቲ ይህችን የቆየች ስንኝ እንያት፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ጎን ለጎን የቆሙትን ስሞች ተመልከት። «አዳም» እና «መድኃኔ ዓለም» ሰም ናቸው፤ «ከንፈርሽ» እና «ልቤ» ወርቅ። ወርቆቹን ሸፍነህ አንብብ፤ አዳም በለስ በላ፣ መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ። አሁን ሰሞቹን ሸፍን። የከንፈሯ ነገር የአፍቃሪውን ልብ ሰቅሎታል!

እኔ በጣም የምወደው «ተሰቀለልሽ» የሚለውን ነው። ለጌታ በመስቀል ላይ መዋል፣ ለልብ ደግሞ በናፍቆት መንጠልጠል ነው። ማሰሪያው ግሥ ለሁለቱም ካልሠራ፣ ወርቁን ስተኸዋል ማለት ነው።

ከኅብር ጋር እንዳታምታታው። በኅብር ወርቁ በአንድ ቃል ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። እዚህ ግን ሰሙም ወርቁም በግልጽ ተጠርተዋል።