ሥራ ማቀዝቀዝም አድማ ነው፤ ከሰኞ በፊት የሚታሰቡ ጉዳዮች

ጥያቄ፦ «በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። 240 ሠራተኞች አለን፣ ከነዚህ 186ቱ አባላት ናቸው። ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ዕድገት እንደራደር ብለን መስከረም 6 ቀን ደብዳቤ አስገባን። የኅብረት ስምምነት ረቂቁን በድርድሩ ላይ እናቀርባለን ብለን አላያያዝንም። ከአምስት ሳምንት በላይ ሆነ፣ አሠሪው ዝም ብሏል። አባላቱ 'አድማ እንኳ ባይሆን ከሰኞ ጀምረን ሥራ እናቀዝቅዝ' እያሉ ነው። እንዲህ ብናደርግ በሕግ ያስጠይቀናል ወይ?»

መልስ፦ አዎ፣ ያስጠይቃችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአድማና በሥራ ማቀዝቀዝ መካከል አባላታችሁ የሚያስቡትን ዓይነት ልዩነት አያደርግም። በአዋጁ አንቀጽ 137 ትርጓሜ መሠረት ሠራተኞች ተስማምተው ሥራ ሲያቆሙ ብቻ ሳይሆን፣ አሠሪውን ጫና ውስጥ ለመክተት ከመደበኛው ምርት በታች ሲያመርቱም የሥራ ማቆም እርምጃ ወስደዋል ይባላል። በቀን 100 ጥቅል የሚያወጣ ሽመና ክፍል ተነጋግሮ 60 ማውጣት ከጀመረ፣ ማሽኑ እየዞረ ቢሆንም ሕጉ ፊት አድማ ላይ ነው። ስለዚህ ለአድማ የተጠየቁት ቅድመ ሁኔታዎች ለሥራ ማቀዝቀዝም ይጠየቃሉ። ከናንተ እጅ እስካሁን አንዱም አልተሟላም።

አስቀድሞ መታረም ያለበት ግን መስከረም 6 ያስገባችሁት ደብዳቤ ነው። አዋጁ ድርድር የሚጠይቅ ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲያቀርብና ለድርድሩ የሚያስፈልገውን ረቂቅ አዘጋጅቶ እንዲሰጥ ያዛል። የተጠየቀው ወገን ደግሞ ጥያቄው ከደረሰው ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ረቂቁ ስላልተያያዘ የአሠሪው ጠበቃ «የምንደራደርበት ነገር አልደረሰንም፣ አሥሩ ቀን ገና አልተጀመረም» የሚል ክርክር በነፃ አግኝቷል። ይህን ክርክር ትረቱ ይሆናል፣ ግን አምስት ሳምንት አልፎበት በዚህ ላይ መከራከሩ ራሱ ኪሳራ ነው። ደብዳቤውን ከነረቂቁ እንደገና አስገቡ። የፋብሪካው መዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር አስፍሮ በማኅተም የተቀበለበትን ቅጂ ያዙ። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ ላኩ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ። ድርድሩ ሲጀመርም መጀመሪያ የምትፈርሙት የድርድር ሥነ ሥርዓት ደንብ ነው፤ ስንት ተደራዳሪ፣ በየስንት ቀኑ፣ ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል የሚሉት እዚያ ይሰፍራሉ። ይህን የዘለለ ማኅበር በሦስተኛው ስብሰባ ላይ «እንዲህ አልተባባልንም» ከሚል ጭቅጭቅ አያመልጥም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ይዘት እንግባ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው መንገድ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ደብዳቤ ስታቀርቡ አንድ ጥያቄ መስሏችኋል። በአዋጁ ግን የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ክርክር የሚሄድበትና የዕድገት አሰጣጥ ክርክር የሚሄድበት በር ይለያያል። ሁለቱም የወል የሥራ ክርክር ስለሆኑ በመጀመሪያ የሚታዩት በአስማሚ ነው። አስማሚውን የሚመድበው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በክልል ደረጃ የሚመለከተው ቢሮ ሲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ ካላስማማ ምክንያቱን ጠቅሶ ሪፖርት ያቀርባል፣ ለናንተም ቅጂው ይደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ የዕድገት አሰጣጥ ጥያቄው ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቋሚ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። የደመወዙ ጥያቄ ግን አይሄድም፤ በአንቀጽ 148 ቋሚ ቦርዱ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ክርክርን ከማየት ሥልጣኑ ተነሥቷል። የናንተ ፋብሪካ እንደ አየር መንገድ፣ መብራት ኃይል ወይም ሆስፒታል ያለ እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ስላልሆነ ወደ ጊዜያዊ ቦርድም አትሄዱም። በነዚያ ድርጅቶች ደግሞ የሥራ ማቆም መብት የለም፣ የደመወዝ ክርክራቸውን ጊዜያዊ ቦርድ የሚያየው ለዚህ ነው። እናንተ ዘንድ ደመወዝ የሚጨምርላችሁ ዳኛ የለም። ያላችሁ ድርድር፣ አስማሚ፣ በመጨረሻም ሕጉን ጠብቆ የሚወሰድ አድማ ነው።

ብዙ ማኅበር የሚሰናከለው ሁለቱን ጉዳዮች ባንድ ፋይል አድርጎ ወደ ቦርድ ሲያቀርብ ነው። አንቀጽ 161 ክርክሩ ለቦርድ ወይም ለፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ፣ ውሳኔ ሳይሰጥና 30 ቀን ሳይሞላ የሚደረግ አድማ ሕገወጥ ነው ይላል። ስለዚህ በሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች፣ በተለያዩ ርዕሶች ተከራከሩ። በቦርዱ ማመልከቻ ላይ «ደመወዝ» የሚል ቃል አይኑር። አለበለዚያ አሠሪው «ጉዳዩ ቦርድ ፊት ነው» ብሎ አድማችሁን ያስቆማል፣ ቦርዱ ደግሞ «ደመወዙ ሥልጣኔ አይደለም» ይላችኋል። በሁለቱ መካከል ትቀራላችሁ። አሠሪው ጨርሶ ለመደራደር እምቢ ካለ የኅብረት ስምምነት መደረግ ራሱ ለቦርድ የሚቀርብ ክርክር ነው፣ ቦርዱም ለድርድር እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል። እኔ ግን አስማሚው ሪፖርቱን እስኪጽፍ ድረስ ያንን መንገድ አላስቀድምም፣ የአድማ መብታችሁን ስለሚያሥርባችሁ።

አሁን ቀን እንቁጠር። ደብዳቤውን ከነረቂቁ ጥቅምት 15 አስገባችሁ እንበል። አሥሩ ቀን ጥቅምት 25 ያልቃል። አሠሪው ካልቀረበ በማግስቱ አስማሚ እንዲመደብ ታመለክታላችሁ። አስማሚው ኅዳር 1 ሥራ ቢጀምር 30 ቀኑ የሚሞላው ታኅሣሥ 1 ነው። ታኅሣሥ 3 ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ ድምፅ ብትሰጡ፣ ታኅሣሥ 4 ማስጠንቀቂያ ብታደርሱ፣ ማስጠንቀቂያው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መድረስ ስላለበት አድማውን መጀመር የምትችሉት ታኅሣሥ 15 ነው። አባላቱ ከሰኞ የሚሉትን እርምጃ በሕግ ለመውሰድ ሁለት ወር ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ቀን የምትቆጥሩት ደብዳቤው ከተጻፈበት ሳይሆን ከደረሰበት ቀን ማግስት ጀምራችሁ ነው።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ ቆም ልበል፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚፈተሸው እሱ ስለሆነ። አንቀጽ 159 አድማው ቢያንስ የማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛ በተገኙበት ስብሰባ በሚመለከታቸው ሠራተኞች አብላጫ ድምፅ እንዲደገፍ ይጠይቃል። የ186 ሁለት ሦስተኛ 124 ነው፤ 123 ሰው ከተገኘ ስብሰባው አልተካሄደም ብላችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ክርክር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። «የሚመለከታቸው ሠራተኞች አብላጫ» ሲል በስብሰባው የተገኙትን ነው ወይስ የጥያቄው ተጠቃሚ የሆኑትን 240ዎቹን ነው? ከተገኙት 124 አብላጫው 63 ነው፣ ከ240ው ግን 121 ነው። 70 ድምፅ ይዞ አድማ የወጣ ማኅበር በመጀመሪያው አተረጓጎም ይድናል፣ በሁለተኛው ይወድቃል። ስለዚህ 121ን ግብ አድርጉ። አባል ያልሆኑትም እንዲገኙና ድምፅ እንዲሰጡ ጥሩ፣ ግን ስማቸውን በተለየ ዝርዝር መዝግቡ፣ አለበለዚያ ምልዓተ ጉባኤው ስንት አባል እንደነበረው ማሳየት አትችሉም። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ጥያቄ አንድ መሆን አለበት፦ «በደመወዝ ጥያቄያችን ምክንያት ከታኅሣሥ 15 ጀምሮ ሥራ እንድናቆም እደግፋለሁ / አልደግፍም።» እጅ በማውጣት የተሰጠ ድምፅን በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ማስጠንቀቂያው ለአሠሪው ብቻ ሳይሆን ለሚመለከተው የመንግሥት ቢሮም መድረስ አለበት። ምክንያቱን፣ የሚጀምርበትን ቀንና ሰዓት፣ የትኞቹ ክፍሎችና ፈረቃዎች እንደሚያቆሙ ጻፉ። ከዚሁ ጋር የደኅንነት ዝርዝር አያይዙ፣ አዋጁ በአድማ ወቅትም የአደጋ መከላከያና የደኅንነት ደንቦች እንዲጠበቁ ይጠይቃልና። ለናንተ ፋብሪካ ይህ ማለት በተግባር፦ የማቅለሚያ ክፍሉ ቦይለር ላይ በየፈረቃው አንድ ኦፕሬተር፣ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የጥበቃና የክሊኒክ ሠራተኞች ቦታቸው ላይ ይቆያሉ። ግፊት ያለበትን ቦይለር ያለ ተቆጣጣሪ ጥሎ መውጣት ሕጋዊ አድማን በአንድ ቀን ሕገወጥ ሊያስብል ይችላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ማቅለሚያ ማሽን ውስጥ የገባው ጨርቅ ዑደቱን ጨርሶ እንዲወጣ ማድረግም ብልህነት ነው፤ ለጉዳት ካሣ ክስ ሰበብ አይገኝም።

በር ላይ ቆሞ መግባት የሚፈልገውን ሠራተኛ ማስፈራራት፣ መኪና ማገድ፣ ኃይል መጠቀም በአንቀጽ 161 የተከለከለ ነው። አንድ ሰው የወረወረው ድንጋይ የ185ቱን ቃለ ጉባኤ ዋጋ ያሳጣል፣ ስለዚህ ሥርዓት የሚያስከብሩ ሰዎችን ከመካከላችሁ ምረጡ።

አባላቱ አስቀድመው እንዲያውቁ የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በአንቀጽ 54 መሠረት ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ስለሆነ አድማው ሕጋዊ ቢሆንም ለቆመበት ቀን ክፍያ የለም። ማኅበሩ ፈንድ ካለው ስንት ቀን እንደሚያቆይ ከስብሰባው በፊት አስሉት። በሕጋዊ አድማ በመሳተፉ የተሰናበተ ሠራተኛ ግን በአንቀጽ 26 መሠረት በማኅበሩ ሕጋዊ ተግባር በመሳተፍ ውሉ እንደተቋረጠበት ይቆጠራል፣ ወደ ሥራው እንዲመለስም መጠየቅ ይችላል። አድማው ሕገወጥ ከሆነ ይህ ከለላ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ አሠሪው የቀረባችሁበትን ቀን እንደ ተራ ቀሪ ይቆጥራል። በጽሑፍ እየተጠነቀቀ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት ደግሞ በአንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ነው። ሥራ ስታቀዝቅዙ ቀሪ ባይኖርባችሁም የምርት መዝገቡ ይኖራል፤ የምርቱ መጠን ሲወርድ በየስማችሁ ይታያል።

ሰኞ አባላቱ ፊት ይዛችሁ የምትቀርቡት ረቂቁን ነው። የደመወዙንና የዕድገቱን አንቀጾች ለይታችሁ ጻፉት፣ በሚቀጥለው የሥራ ቀን መዝገብ ቤት ይግባ።