ባልዲው፣ በረሮውና መዝገቡ፦ የምግብ ቤት ወጥ ቤት ጥያቄና መልስ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወጥ ቤት ውስጥ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። የጀመርኩት ሳህን በማጠብ ነው፣ አሁን ወጥ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ዛሬ እረፍቴ ነው። ስለ በረኪናውም፣ ስለ በረሮውም፣ ኢንስፔክተር በሩን ሲከፍት ስለሚያስደነግጠን ነገርም ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ በረኪናውን በስንት ነው የምንበጠብጠው? እኛ ሽታው እስኪሰማን ነው የምንጨምረው።

አፍንጫ ይለምዳል እህቴ። ጠዋት የሸተተሽ ከሰዓት አይሸትሽም። ለሳህን፣ ለመክተፊያና ምግብ ለሚነካው ጠረጴዛ የምትፈልጊው ከ50 እስከ 100 ፒፒኤም ነው። 100 ፒፒኤም ማለት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 100 ሚሊግራም ክሎሪን ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እዚህ ሱቅ የምናገኘው በረኪና ብዙ ጊዜ 7.5 በመቶ ስለሆነ ለአንድ ጋሎን ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ከ200 ካለፈ ደግሞ በኋላ በንጹህ ውሃ ካልተለቀለቀ ምግብ በሚነካ ነገር ላይ መጠቀም አይፈቀድም። «ይብዛ እንጂ አይነስ» እዚህ ላይ አይሠራም፣ ኢንስፔክተሩ የበዛውንም ይጽፈዋል። የሎሚ ወይም የአበባ ሽታ ያለውን በረኪና ለልብስሽ ተይው። ምግብ ለሚነካ ነገር እንደሚሆን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈበትን ግዢ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ነው የምንበጠብጠው፣ በረኪናው 5% ይላል። ስንት ላድርግ?

5 በመቶ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ወደ 50 ሚሊግራም ክሎሪን አለ። አንተ ለ20 ሊትር የምትፈልገው 2,000 ሚሊግራም ነው። ለ50 ስታካፍለው 40 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የልጆች መድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ ካለህ በሱ ለካ፣ በክዳን አትገምት።

ግን ጠርሙሱ 5 ስላለ 5 ነው ማለት አይደለም። በረኪና በፀሐይና በሙቀት ኃይሉ ይወርዳል፣ ሱቅ በር ላይ ወራት የቆመ ከሆነ ጉልበቱ አልቋል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ሲነከር በቀለሙ የክሎሪኑን መጠን የሚያሳየውን የመመርመሪያ ወረቀት እንደምንም አግኝ። የመዋኛ ገንዳውን ግን አትግዛ፣ እሱ የሚለካው እስከ 10 ፒፒኤም አካባቢ ነው፣ ላንተ ሥራ አይሆንም። የተበጠበጠውንም ለሳምንት አታስቀምጥ፣ በየቀኑ አዲስ በጥብጥ።

ጥያቄ፦ በፈላ ውሃ ብንበጠብጠው ግን የበለጠ አይገድልም? እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ግማሹ ልክ ነው። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ክሎሪኑ ይዘገያል። በ50 ፒፒኤም የምትሠሩ ከሆነ ውሃው ቢያንስ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፣ በ100 ከሆነ 13 ዲግሪም ይበቃል። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ክሎሪኑ ተንኖ ይሄዳል፣ ወጥ ቤቱ ይሸታል፣ ባልዲው ባዶ ይቀራል። ሙቁን ውሃ ለሳሙናው ተዉት። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፣ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ነው በረኪናው ውስጥ የሚገባው። ሲወጣ በጨርቅ አይወለወልም፣ በአየር ይደርቃል። ኮምጣጤ ወይም የሽንት ቤት አሲድ ግን በጭራሽ እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

ጥያቄ፦ እኛ ሳኒታይዘር በሩ ላይ ሰቅለናል፣ ደንበኛ ሲገባ ይጫናል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ?

እሱ የእጅ ነው ወንድሜ። ከኮሮና ወዲህ ቃሉ ለእጅ ብቻ ቀረ። እኛ የምናወራው ስለ ሳህንና ስለ መክተፊያ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ የእጁ ጄል መታጠብን አይተካም። እጅህ በቅቤና በበርበሬ ከተነከረ ጄሉ ከላይ ይንሸራተታል እንጂ አያጸዳም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስንለካው 100 ነበር። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ወረቀቷን ስትነክረው ነጭ ሆኖ ወጣ። ማን ነው የዋሸው?

ማንም አልዋሸም። እኔም ላይ ደርሷል፣ ተናድጄም ራሴው ሞከርኩት። ሁለት ባልዲ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በጠበጥኩ፣ ሁለቱም 100 አሳዩ። አንዱን ከፍቼ ተውኩት። ሌላው ውስጥ የሽሮና የቁሌት ጠረጴዛ የምንጠርግበትን ጨርቅ ከተትኩና እንደወትሮው ተጠቀምንበት። 4 ሰዓት ላይ የጨርቁ ባልዲ 50 ሆነ። 5 ሰዓት ላይ ወረቀቱ ቀለም አልያዘም። ያልተነካው ግን ያው 100 አካባቢ ነበር።

ክሎሪን ዘይትና የምግብ ፍርፋሪ ሲያገኝ እሱ ላይ ይጨርሳል፣ ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። እንግዲህ ችግሩ ሰዓቱ ሳይሆን ጨርቁ ነበር። አሁን ፍርፋሪውን መጀመሪያ በወረቀት ነው የምናነሳው፣ ከዚያ ነው የባልዲው ጨርቅ የሚመጣው። ባልዲው በየሁለት ሰዓቱ ይቀየራል፣ ከደፈረሰ ደግሞ ወዲያው።

አንድ አስተያየት፦ እኛ በበረኪና ፈንታ ኳት የሚባለውን የዕቃ ሳኒታይዘር ነው የምንጠቀመው፣ በየ4 ሰዓቱ ነው የምንቀይረው። ችግር ገጥሞን አያውቅም።

ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። ኳት ከበረኪና ይልቅ ቆሻሻ ይችላል። መጠኑ ግን እንደ አምራቹ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ተከተሉ፣ የኛው 200 ይላል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የጥጥ ጨርቅ ኳትን ይመጠዋል፣ ባልዲው ውስጥ ተነክሮ ሲውል ኃይሉን ይወስደዋል። ደህና ያልተለቀለቀ ሳሙናም ያበላሸዋል። ወረቀቱም የተለየ ነው። የክሎሪኑን ወረቀት ኳት ውስጥ ነክረው «አይሠራም» ብለው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ በረሮው አላለቀልንም። በየሳምንቱ እንረጫለን፣ ለሁለት ቀን ይጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ምን ይሻላል?

መርጨቱን አቁሙ። ትንሿ ቡናማ በረሮ ስትረጭ ትበታተናለች፣ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው ትሸሻለች። እናንተ የምታዩት የሞተውን ነው።

የኛን ልንገርህ። የሚያጣብቅ ወጥመድ 12 ገዛሁ፣ ቁጥር ጻፍኩባቸው፣ የወጥ ቤቱን ካርታ በእጄ ስዬ የት እንዳሉ ምልክት አደረግሁ። በሳምንቱ ስቆጥር አብዛኞቹ ዜሮ ወይም አንድ ነበሩ። ቁጥር 4 ላይ ግን 23። ቁጥር 4 የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጀርባ ነበር። ምጣዱን ሳነሳው ከሥሩ ሽቦው የሚገባበት ቦታ ላይ የጤፍ ዱቄት ተጋግሮ፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ያ ቁንዶ በርበሬ ኩሳቸው ነው። ሙቀት አለ፣ ዱቄት አለ፣ ከአጠገቡ ደግሞ የሊጡ ባልዲ የሚያንጠባጥበው ውሃ አለ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ዱቄቱን በቫኪዩም ጠርገን፣ ውሃውን አድርቀን፣ ካርቶኖቹን በሙሉ አወጣን። ከዚያ የተባይ ማጥፊያ ድርጅቱ ሰው ስንጥቁ ውስጥ በረሮ በልቶት የሚሞትበትን የመርዝ ጄል በሩዝ ፍሬ መጠን ነጠብጣብ ነጠብጣብ አደረገ። ጄሉ ላይ በረኪናም ሆነ የበረሮ መርጫ እንዳይደርስ አስጠነቀቀን፣ ከሸተተ አይበሉትም። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥር 4 ወደ 9 ወረደ፣ በሦስተኛው 3። በአምስተኛው 7 ሆነ፣ ልቤ ወደቀ። ግን ሁሉም ጥቃቅን ነበሩ። የሆነ ቦታ የቀረ የእንቁላል ከረጢት ተፈልፍሎ ነው፣ አንዱ ከረጢት ብቻ 30 እና 40 ሊይዝ ይችላል። ጄሉ ተደገመ። «አለቀ» ብሎ በሦስተኛው ሳምንት የሚያቆም ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አይጥስ? የሚዘጋው ቀዳዳ እኮ አይታይም።

እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ለትንሿ አይጥ በር ነው። ማታ መብራት አጥፉና ከውጭ ብርሃን የሚገባበትን ከበሩ ሥር ፈልጉ። የቧንቧ ዙሪያውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቁና ላዩን ለስኑት። መርዝ በግልጽ አታስቀምጡ፣ በተቆለፈ ሳጥን ካልሆነ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ የጽዳት ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ለጥፈናል፣ ማንም አያየውም።

«ሠራተኞች በሙሉ» ብላችሁ ጽፋችሁ ይሆናል። የሁሉም ሥራ የማንም አይደለም። እኛ ጋ ወረቀቱ ላይ ቀን፣ ዕቃና የአንድ ሰው ስም አለ። ማክሰኞ ማታ ምጣዱ ይነሳል፣ ከሥሩ ይጠረጋል። ሐሙስ የወለሉ ፍሳሽ ክዳኑ ተነስቶ በብሩሽ ይፋቃል። እዚያ የምታዩአት እንደ ትንኝ ያለች ዝንብ የምትራባው የፍሳሹ የውስጥ ግድግዳ ላይ በያዘው ዝልግልግ ውስጥ ነው፣ በረኪና ብታፈሱባት ላዩን ታጥቦ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚጠይቀው የትኛውን መዝገብ ነው? እኛ ሁሉንም በየቀኑ እንሞላለን።

የምግብ ኮዱ በግድ የሚፈልገው መመርመሪያ ወረቀቱ እንዲኖራችሁና ባልዲው ልክ እንዲሆን ነው። እሱ ራሱ ነክሮ ያያል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ፈቃድ ካለው የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ጋር ያላችሁን ውል ይጠይቃል። እኔ ውሉን፣ የእያንዳንዱን ጉብኝት ደረሰኝና የወጥመዶቹን ካርታ በአንድ ፎልደር ከካሸሩ ሥር አስቀምጣለሁ፣ እኔ ባልኖርም ማንም እንዲያወጣው።

የባልዲውን መዝገብ የምንጽፈው ለራሳችን ነው። እሱም ቢሆን እውነት ሲሆን ነው የሚጠቅመው። ድሮ የሠራሁበት አንድ ቤት አንድ ወር ሙሉ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት «100፣ 100፣ 100» ተሞልቶ ነበር። ኢንስፔክተሩ ገለጠ ገለጠና አንድ ቀን ላይ ጣቱን አሳረፈ። ታንክስጊቪንግ ነበር፣ ቤቱ ዝግ ነበር። እኛ ግን ጠዋትም ከሰዓትም 100 ለክተናል። ከዚያ በኋላ ያሳየነውን ወረቀት ሁሉ እያገላበጠ ነበር የሚያየው።

ደህና መዝገብ እንዲህ ነው፦ «4:00፣ የፊት ባልዲ፣ 100፣ ሀ.መ. 6:10፣ የፊት ባልዲ፣ ከ50 በታች፣ ተደፍቶ በአዲስ ተተካ፣ 100፣ ሀ.መ.» መጥፎው ንባብ አለበት፣ ምን እንደተደረገም አለበት። ኢንስፔክተር ይሄን ሲያይ ሰው እየለካ እንደሆነ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ መሶቡስ በምን ይጸዳል?

ይሄ ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ ነው። የተሸመነ ነገር ውሃ ይመጥጣል፣ ስንጥቅ ይበዛዋል፣ ስለዚህ ምግብ በቀጥታ እንዲነካው ኮዱ አይፈቅድም። ውስጡ ትሪ ተቀምጦ እንጀራው ትሪው ላይ ሲሆን አንዱ ኢንስፔክተር አልፎናል። ሌላው «ክዳኑስ እንጀራውን አይነካም ወይ?» ብሎ ጻፈብን። እኛ አሁን በትሪ ነው የምናቀርበው፣ መሶቡ መግቢያው ላይ ለፎቶ ቆሟል።